የጠቆሩ ደረሰኞች

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት «እትዬ ማህተም» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣላት የዳቦ ቤቱ ጋጋሪ ነበር፤ የዳቦ ቤቱ ክብ ማህተም ከእሷ የእጅ ቦርሳ ወጥቶ አያድርም። አንዱ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሲፈልግ፣ ወይ አንድ ምግብ ቤት የዳቦ አቅርቦት ውል ሲያመጣ፣ ዱቄቱን ከእጇ ታራግፍና፣ ቦርሳዋን ከፍታ፣ ማህተሙን እፍ እፍ ብላ ታሳርፈዋለች። ጠማማ ማህተም አትወድም። የጠመመ እንደሆነ ደብዳቤውን ቀዳ ጥላ እንደገና ትጽፈዋለች እንጂ አትሰጥም።

ይህ ልማድ ከድሮ ሥራዋ የመጣ ነው። በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነበር ዕድሜዋን የጨረሰችው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ ዳቦ ቤት የነበረው ታላቅ ወንድሟ «ሌላ ሥራ እስክታገኚ እኔ ጋ ቆዪ» አላት። «እስክታገኚ» የተባለው ነገር ዓመታት ፈጀ። ጠዋት ባንኮኒው ላይ ቆማ ዳቦ ትሸጣለች፤ ሰው ሲቀንስ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ገብታ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ደረሰኝ በየፖስታው ትከፋፍላለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከባንክ እስከ ቀበሌ የሚላከው ሁሉ እሷው ናት። ወንድሟን «ጋሼ» ትለዋለች። እሱ ሲደሰት «እቱ» ይላታል፤ ሲቆጣ ስም የላትም፣ «አንቺ» ብቻ ነው።

ቁጣው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሠራተኛ ሲታመም ሐኪም ቤት ድረስ ራሱ ይሸኛል። ነገር ግን ጥፋት በተገኘ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ጥፋተኛውን ነው። እቃው ቢሰበር፣ ሊጡ ቢኮመጥጥ፣ መብራት ቢጠፋ «ማነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ነገሩ የተጀመረው ጣሪያው ባፈሰሰ ጊዜ ነው። የኋለኛው ክፍል ጥግ ላይ ውሃ ተንጠባጥቦ አንድ ካርቶን ሰነድ አረጠበ። ወንድሟ ይህን ሲያይ ጣሪያውን ማሳደስ ትቶ አናጢ ጠራና ከምድጃው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ መደርደሪያ አስመታ።

«እዚህ ዝናብ አይደርስበትም» አለ፣ ፖስታዎቹን ራሱ እየደረደረ።

«ጋሼ፣ እዚህ እኮ ግድግዳው ራሱ ያቃጥላል» አለችው መዳፏን አስደግፋ።

«ወረቀት እሳትን ነው የሚፈራው፤ ሙቀት ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ያደርቀዋል።»

ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ፖስታዎቹም እዚያው ከርመው፣ የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት ወቅት ደረሰ።

የዳቦ ቤቱን ሒሳብ የምትሠራው ከዋናው መንገድ ማዶ፣ አንድ የስልክ ጥገና ሱቅ ፎቅ ላይ ቢሮ የከፈተች ሴት ናት። በዚያ ወቅት የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ሰው ሲገባበት ደስ አይልም፤ የግብር ማስታወቂያው ቀን እየቀረበ፣ ደንበኛው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመውን በአንድ ሳምንት ያመጣባታል። ስለዚህ «እዚህ አትሰለፉብኝ፤ ሰነዱን በስልክ ስካን አድርጋችሁ ላኩልኝ» ብላ ለደንበኞቿ ሁሉ ነግራ ነበር።

እትዬ ማህተም ፖስታዎቹን ከመደርደሪያው አውርዳ ስትከፍት ደነገጠች። የዱቄት ፋብሪካው የሚሰጣቸው የማሽን ደረሰኞች ጠቁረዋል። አንዳንዱ ገና ግራጫ ነው፤ አንዳንዱ እንደ አረረ የዳቦ ቅርፊት ሆኗል፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ የከረመው ፖስታ ውስጥ ያሉትማ በላያቸው ፊደል የሚባል አልቀረም። አንዱን ይዛ ሊጥ ቤት ወዳለው ወንድሟ ሄደች።

«ጋሼ፣ ይኸው ጠቁሯል። አልኩህ እኮ።»

ሳያይ ነው የመለሰላት። «ላኪያት። ለዚህ አይደል የምንከፍላት? እሷ ታውቅበታለች።»

ላከች። ጠባቧ ክፍል ውስጥ አንዲት አምፖል ብቻ ስላለች፣ እያንዳንዱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የስልኳን ጥላ ከወረቀቱ ላይ ለማራቅ አንገቷን እያጣመመች፣ ከደረሰኙ እስከ ኪራይ ውሉ ድረስ አንድ በአንድ አነሳችና ላከች። ወገቧ ተቆረጠ።

መልሱ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ የመጣውም በወንድሟ ስልክ። ሰው ለዳቦ ተሰልፎ ነበር። ባንኮኒውን ዞሮ መጣና ስልኩን ከፊቷ ዘርግቶ ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር። ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦

«ለዳቦ ቤቱ ባለቤት። የዓመቱን ሒሳብ ለመዝጋት ከላካችኋቸው ሰነዶች የሚከተሉት ስለማይነበቡ እንደገና ይላኩልኝ። የዱቄት ግዢ ደረሰኞች በሙሉ፤ ምስሉ ጥቁር ነው። የሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቀኑ፣ ዋጋውና ታክሱ አይታይም፤ እነዚህ ካልታዩ ወጪው ተቀባይነት የለውም፣ ወጪው ካልተያዘ ደግሞ ትርፋችሁ ካገኛችሁት በላይ ሆኖ ይታያል። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፤ በስተቀኝ ያለው የቀሪ ሒሳብ ዓምድ ተቆርጧል፤ ከመዝገቡ ጋር ማስታረቅ አልቻልኩም። የአዲሱ ምድጃ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፤ የፊቱ ገጽ ብቻ ነው የደረሰኝ፤ የተከፈለው ቀረጥ የተዘረዘረው ጀርባው ላይ ነው፤ ያለዚያ የምድጃውን ሙሉ ዋጋ አላውቅም። የኪራይ ውል፤ ፊርማና ማህተሙ ላይ የመብራት ነጸብራቅ አርፎበታል። የደመወዝ ፔሮል፤ ሲጎላ ቁጥሩ ይፈርሳል፤ ሦስት ይሁን ስምንት አይለይም። እባካችሁ ያንኑ ምስል መልሳችሁ አትላኩ።»

አንብቦ ሲጨርስ ሰልፉ ጸጥ ብሏል።

«ዓይን የለሽም?» አላት። «አንድ ፎቶ ማንሳት ያቅታል? ለልጅ ብሰጠው ይሻላል።»

አንዲት ደንበኛ ዓይኗን ወደ ዳቦው መለሰች። ጋጋሪው በበሩ በኩል ብቅ ብሎ ነበር፤ ተመልሶ ገባ። እትዬ ማህተም የቀጣዩን ሰው ዳቦ በፌስታል አድርጋ ሰጠች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው። መደርደሪያውን ማን አስመታና ነው የሚጮኽባት?

ከሰዓት በኋላ ወረቀቶቹን ደጅ አውጥታ፣ በፀሐይ ብርሃን እንደገና አነሳቻቸው። የኪራይ ውሉ ጥሩ ወጣ። የዲክላራሲዮኑን ጀርባ ጨመረች። ጥቁሮቹንም አነሳቻቸው፤ ምን ታድርግ፣ ሌላ የላት። ላከችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው።

ሁለተኛው ማስታወሻ አጭር ነበር። «ኪራይ ውሉና ዲክላራሲዮኑ ደርሰውኛል። ደረሰኞቹን፣ የባንክ መግለጫውንና ፔሮሉን ግን ያንኑ መልሳችሁ ልካችኋል። ሥራዬን አታጓትቱብኝ።»

ይህችን ወንድሟ አላነበበላትም። ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጦላት ብቻ ሄደ። እሷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «ያንኑ» የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ ደሟ ፈላ። ፀሐይ ላይ ቆማ ያነሳችውን፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ያነሳችውን ነው ሴትዮዋ «ያንኑ» የምትላት።

ሽርጧን ፈታ ባንኮኒው ላይ ወረወረችው። ፖስታዎቹን በሙሉ አንድ የዱቄት ጆንያ ውስጥ ጨመረች። «ወዴት ነው?» ብሎ ጠየቃት ጋጋሪው። «ዓይኔን ላስመረምር» አለችና ወጣች።

የፎቁ ደረጃ ጠባብ ነው፤ ጆንያው ግድግዳ ግድግዳውን እየላሰ ዱቄት ቀባው። ቢሮው ውስጥ ሳጥን በሳጥን ላይ ተቆልሏል። የሒሳብ ባለሙያዋ ከእሷ በዕድሜ ታንሳለች፤ ዓይኗ ደም መስሏል፤ ጸጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ ሰክታ ሌላ እስክሪብቶ ትፈልጋለች። ቀና ሳትል «ሰነድ ከሆነ በስልክ ይላኩ» አለች።

«ልኬ ነበር» አለች እትዬ ማህተም፣ ጆንያውን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አድርጋ። «ያንኑ መልሳችሁ ልካችኋል ያሉኝ ሴትዮ እኔ ነኝ።»

የሒሳብ ባለሙያዋ ዱቄቱን ከኪቦርዷ ላይ በመዳፏ ጠረገች። «ከዳቦ ቤቱ ነዎት? ጥሩ። እኔም ሰው ማግኘት ፈልጌ ነበር። እትዬ፣ እናንተ የማይነበብ ትልካላችሁ፤ የግብር መርማሪው ደግሞ የሚጠይቀው እኔን ነው። ወጪው ሲሰረዝ ደንበኛው እዚህ መጥቶ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው። በየዓመቱ ስሰደብ ከርሜያለሁ።»

«እኔ የተሰደብሁት ደግሞ በአንቺ ወረቀት ነው። በሰልፍ ፊት።» «እርስዎ» ማለቷ መቼ እንደ ጠፋ አላወቀችም። «ይኸው ስልኬ። ተመልከቺ። ፔሮሉ ይነበባል ወይስ አይነበብም?»

የሒሳብ ባለሙያዋ ስልኩን ተቀበለች። አየች። አጎላችው። ፊቷ ተለወጠ። ቁጥሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ትልቁን ስክሪን ወደ እትዬ ማህተም አዞረችላት፤ ያው ፔሮል እዚያ ላይ ሲጎላ ቁጥሩ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ይበታተናል።

«በምን ላኩት?»

«በመልእክት ነዋ።»

«እንደ ፎቶ?»

«ታዲያ እንደ ምን ልላከው? እንደ ደብዳቤ?»

«እንደ ፋይል። ፎቶ ተብሎ ሲላክ ስልኩ ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ይጨምቀዋል። ትልቅ ፊደል ያለው፣ እንደ ኪራይ ውሉ ያለው ይተርፋል። ፔሮል ግን ቁጥሩ ደቃቃ ነው፣ ይሞታል። አሁን በሌላ በኩል ይላኩልኝ» አለችና የትኛውን እንደምትነካ አሳየቻት። ላከች። ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ መጣ።

እትዬ ማህተም ስክሪኑን ቆማ አየችው። ደስ አላላትም፤ ይልቅ ባሰባት።

«ይህንን ማስታወሻሽ ላይ ለምን አልጻፍሽውም?»

«ጽፌያለሁ። ያንኑ ምስል አትላኩ ብያለሁ።»

«እሱ ስድብ ነው እንጂ ምክር አይደለም። ‹አይነበብም› አልሽ፤ ‹ምን ባደርግ ይነበባል› ለሚለው አልመለስሽም።»

የሒሳብ ባለሙያዋ ወንበር ላይ የተቆለለውን ፋይል አንስታ መሬት አደረገችና «ይቀመጡ» አለቻት።

የባንክ መግለጫውን ከጆንያው አወጡ። ወረቀቱ ሰፊ ነው፤ የስልኩ ስካን በራሱ ጠርዙን ሲያበጅ የቀኙን ዓምድ ቆርጦ ጥሎታል፤ እሷም ሳታይ ነው «እሺ» ያለችው፣ ሁለቱንም ጊዜ። «ይሄ የእኔ ነው» አለች ሳታመነታ። ጠርዙን በእጇ ስባ አስተካክላ እንደገና ላከችው።

ከዚያ ጥቁሮቹ ወጡ። የሒሳብ ባለሙያዋ አንዱን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አዘንብላ አየችው። በጥፍሯ ጫፍ አንዱን ግራጫ ጫረችው፤ የጫረችበት መስመር ጠቆረ።

«ይሄ ወረቀት ቀለም የለውም» አለች ቀስ ብላ። «ማሽኑ የሚጽፍበት በሙቀት ነው። ሙቀት ካገኘ ሁሉም ቦታ የተጻፈበት መሰለው ማለት ነው። የት ነበር የተቀመጠው?»

«ከምድጃው ጀርባ።»

«ከምን?»

«መደርደሪያ ተመትቶለት። ‹እዚያ ያቃጥላል› ብዬ ነበር። ሲጠቁርም ‹ጠቁሯል› አልኩ። ‹ላኪያት፣ ታውቅበታለች› ተባልኩ።»

የሒሳብ ባለሙያዋ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «እኔ ስካኑ የጠቆረ መስሎኝ ነበር። ዋናው ራሱ መጥቆሩን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ይሄን እኮ ሺህ ጊዜ ቢያነሱት ያው ነው።»

«ሁለት ጊዜ አንስቼዋለሁ» አለች እትዬ ማህተም። «ሁለት ጊዜም ተሰድቤበታለሁ።»

ግራጫዎቹን ለይተው አስቀመጡ፤ እነሱ በደህና ብርሃን ሲነሱ ይነበባሉ። የቀሩት ግን መድኃኒታቸው ሌላ ነበር። ፋብሪካው ሽያጩን በራሱ ሲስተም ይይዛል፤ ስለዚህ ባለቤቱ በደብዳቤ ጠይቆ፣ ፋብሪካው የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቅጂ አውጥቶ፣ «ትክክለኛ ቅጂ» ብሎ ፈርሞና ማህተሙን አሳርፎ መስጠት አለበት። «ጥቁሩንም እንዳትጥሉት» አለች የሒሳብ ባለሙያዋ፤ «ከቅጂው ጋር አያይዘዋለሁ። መርማሪው ዋናው የት አለ ሲለኝ የማሳየው እሱን ነው።»

ሊጨርሱ ሲሉ የሒሳብ ባለሙያዋ ፔሮሉን ከፍታ ስሞቹን ወደ መዝገቧ እያስገባች ነበር፤ እትዬ ማህተም ታነብላታለች፦ ጋጋሪው፣ ሊጥ አቡኪው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሹፌሩ። ሉሁ አለቀ።

«እርስዎስ?» አለች የሒሳብ ባለሙያዋ።

«እኔ ምን?»

«ሌላ ገጽ አለ እንዴ? የእርስዎን ስም አላየሁም።»

እትዬ ማህተም ፔሮሉን በየወሩ የምታዘጋጀው ራሷ ናት። ስሟ እንደሌለበት ታውቃለች፤ ወንድሟ ሲመቸው ሲመቸው በኪሷ የሚያስገባላትን ጥቂት ብርም ታውቃለች። አዲስ ነገር አልነበረም። ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር። «እኔ እህቱ ነኝ» አለች በመጨረሻ። ስትለው ራሷን ሰማችው፤ ደስ የማይል ድምፅ ነበር።

የሒሳብ ባለሙያዋ አዲስ ማስታወሻ ጽፋ አትማ ሰጠቻት። በዚህኛው ላይ የትኛው ከዋናው ላይ እንደገና እንደሚነሳና እንዴት እንደሚላክ፣ የትኛው ደግሞ ዋናው ራሱ ስለተበላሸ ከፋብሪካው ቅጂ እንደሚጠየቅበት ለየብቻ ሰፍሯል። ከሥሩ «ደረሰኞቹ የጠቆሩት በምድጃው ሙቀት ነው፤ በአነሳስ ጉድለት አይደለም» የሚል መስመር ጨምራለች። ያንን መስመር ያስጨመረቻት እትዬ ማህተም ናት።

ወንድሟ ማስታወሻውን ሊጥ ቤቱ ውስጥ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ፋብሪካው ጋ አልሄድም» አለ።

ምክንያቱን ታውቃለች። ከጥቂት ወራት በፊት ዱቄቱ ሚዛኑ ጎድሏል ብሎ የፋብሪካውን ገንዘብ ያዥ በገዢዎች ፊት «ሌባ» ብሎት ነበር። ሲመዘን ዱቄቱ ሙሉ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ሳይጠይቅ ጭኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ለመጫን የሚልከው ሹፌሩን ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለችው።

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ወዳጅ አለኝ፣ የእህል ነጋዴ። ደረሰኝ ይቆርጥልናል፣ በእጅ የሚጻፍ። ቀኑንና መጠኑን አንቺ ታውቂዋለሽ። እጅሽ ደግሞ ያምራል፤ ሁሉንም በንጹህ ትጽፊዋለሽ። ይነበብ አይደል ያለችው? ይነበብላታል።»

«ከእሱ ዱቄት ገዝተን እናውቃለን?»

«ገዝተናል አልገዛንም ማን ያውቃል? ዱቄቱ እንደሆነ ተገዝቷል፣ ተጋግሯል፣ ተበልቷል። ውሸቱ የት ላይ ነው?»

እትዬ ማህተም ቦርሳዋን ከፈተች። ማህተሙን አወጣችና ዱቄት የተነሰነሰበት የሊጥ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሊጥ አቡኪው እጁን አቆመ።

«ይኸውልህ ማህተሙ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያዘው። ቀለሙም ውስጡ ነው። ደረሰኙን አስቆርጥ፣ ራስህ ጻፈው፣ ራስህ ፎቶ አንሳውና ላክ። መርማሪ ሲመጣም ራስህ አስረዳ። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪ ውጤት እንድለውጥ ስንት ሰው ለምኖኛል፤ አባት እያለቀሰ ለምኖኛል። ለእነሱ ያላደረግሁትን ላንተ ምድጃ ብዬ አላደርገውም።»

«አንቺ ለወንድምሽ…»

«ወንድሜ ነህ። አለቃዬ ግን አይደለህም፤ ማንም አለቃ በሰው ፊት ዓይን የለሽም አይልም፣ ያለ ደመወዝም አያሠራም። ፔሮሉን ዛሬ ስሙን አንድ በአንድ አነበብኩላት። የጽዳት ሠራተኛዋ አለች። እኔ የለሁም። ‹እርስዎስ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

«እንደ እንግዳ ትቆጥሪኛለሽ? ቤተሰብ አይደለን?»

«ስትሰድበኝ ሠራተኛህ ነኝ፤ ስትከፍል ቤተሰብህ ነኝ። አንዱን ምረጥ።»

ሊጥ አቡኪው ምንም እንዳልሰማ ሰው ሊጡን መምታት ጀመረ። ወንድሟ ፊቱ ቀላ። እጁን ወደ ማህተሙ ዘረጋ፤ ደርሶ ግን አልነካውም። እሷ ወጣች። ያን ቀን ባንኮኒውን የያዘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች።

በማግስቱ አልሄደችም። ቤቷ ቁጭ ብላ ስትናደድ ዋለች። ንዴቷ በከፊል በራሷ ላይ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያለችው ማን ከልክሏት ነው? ጋጋሪው ደወለላት። ማህተሙ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንደዋለ፣ ሊጥ አቡኪውም እንዳይነካው ብሎ ሊጡን በዙሪያው እያዞረ እንዳቦካ ነገራት። ሳትወድ ሳቀች። ስልኩን ስትዘጋ እንደገና ተናደደች።

የግብር ማስታወቂያው ቀን እየተቃረበ ነበር። ወንድሟ አንድ ጠዋት ቤቷ መጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ አልገባም።

«ደብዳቤ ጻፊልኝ» አለ።

«ለእህል ነጋዴው?»

«ለፋብሪካው።» ማህተሙን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። በወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። «እኔው እሄዳለሁ። ግን አብረሽኝ ነይ። የትኛው ቀን የትኛው እንደሆነ እኔ አላውቅም።»

አብራው ሄደች። የፋብሪካው ገንዘብ ያዥ ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ ሲያያቸው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ደብዳቤውን አንብቦ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ፣ ከዚያ «ይጠብቁ» አለ። ከኋላቸው የመጡ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ተስተናግደው ሄዱ። ወንድሟ መንጋጋው እየተንቀሳቀሰ ቆመ። አንዴ ሊናገር ሲል ክርኑን ያዘችው።

በመጨረሻ ገንዘብ ያዡ መስኮቱን ከፈተ። «የዚህን ፋብሪካ ሚዛን የማያምን ሰው ደረሰኙን እንዴት አመነው?» አለ።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያን ቀን ተሳስቼ ነበር» አለ።

«ያን ቀን የሰማህ ሰው ብዙ ነበር።»

«አዎ» አለ ወንድሟ። ዞር ብሎ ከኋላው ለተሰለፉት ተናገረ፣ እንደ ተራ ነገር፣ ግን ጮክ ብሎ፦ «ይህን ሰው ሌባ ብዬው ነበር። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።»

ገንዘብ ያዡ ፈገግ አላለም። ወረቀቱን ማተም ግን ጀመረ። እትዬ ማህተም እያንዳንዱን ቅጂ እየተቀበለች መለያ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ዋጋውንና ታክሱን ታያለች፤ አንዱ ላይ ማህተሙ ፊርማውን ሸፍኖት አገኘችና «ይቅርታ፣ ይሄን እንደገና» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው አያት፤ መለሰ፤ እንደገና አሳረፈ።

ሁሉም አልተገኘም። ፋብሪካው ሲስተሙን ከመቀየሩ በፊት የነበሩት ሽያጮች ቅጂያቸው ሊወጣ አልቻለም። የሒሳብ ባለሙያዋ እነዚያን ወጪ አድርጋ አልያዘቻቸውም፤ ወንድሟም በእነሱ ልክ የበለጠ ግብር ከፈለ። ሲከፍል አጉረመረመ። ጥፋተኛውን ግን አልፈለገም፤ ቢያንስ በአፉ አልፈለገም። መደርደሪያውን ጋጋሪው ነቅሎ ለዳቦ ቅርጫት ማስቀመጫ አደረገው፤ የኋለኛው ክፍል ጣሪያ ታድሶ ሰነዱ ወደዚያ ተመለሰ፤ ቁልፉን እሷ ያዘች።

ይቅርታ አልጠየቃትም። እሷም አልጠበቀችም፤ አለመጠበቋ ደግሞ ንዴቷን አላበረደውም። በቀጣዩ ወር ፔሮሉን ስታዘጋጅ ወንድሟ መጥቶ ከአናቷ ቆመ። «ስምሽን አስገቢ» አለ። «ምን ብዬ?» አለችው። «ጸሐፊ በይ።» እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ አየችው። «የሰነድና የሒሳብ ኃላፊ» አለ፣ ግድግዳውን እያየ። ጻፈችው። ደመወዙም የተጻፈው እሱ ባለው ሳይሆን እሷ ባለችው ልክ ነው፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ ይነጋገራሉ እንጂ እንደ ድሮው አይቀላለዱም። «እቱ» ማለቱንም ተወ፤ እሷም «ጋሼ» ስትለው ድምፅዋ ውስጥ አንድ የደረቀ ነገር አለ። እሑድ እናታቸው ቤት ሲገናኙ አሮጊቷ ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። ባለፈው ጊዜ እትዬ ማህተምን ወደ ጓዳ ጠርታ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

«ከወንድምሽ ጋር ታርቃችኋል?»

«እየሠራን ነው፣ እማዬ» አለቻት፤ ሳህኑን ይዛ ወጣች።